ሐይቅ ሄጄ መጣሁ

ለ፦ ሐያት
ከ፦ ትዕግሥት
ርዕስ፦ ሐይቅ ሄጄ መጣሁ (የቤት ሥራ ነው፣ ግን እውነት ነው)

ሐያትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? ባለፈው የላክሽልኝን የበረዶ ፎቶ እናቴ አይታ «ይህቺ ልጅ ጋቢ ይዛ ነበር የሄደችው?» ብላ ጨነቃት። ያንን ድብ የሚያክል ጃኬትሽን ሳሳያት ነው ልቧ የተመለሰው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህ ኢሜይል የቤት ሥራ ነው። ከእረፍት እንደተመለስን የአማርኛ መምህራችን «ውጭ አገር ለሚኖር ጓደኛችሁ እረፍታችሁን እንዴት እንዳሳለፋችሁ ጻፉ» አሉን። እንደ ጓደኛ ወግ ይሁን፣ ግሱ ግን ኃላፊ ጊዜ ይሁን ተባልን። ሄድኩ፣ ሄጃለሁ፣ ሄጄ ነበር፣ እሄድ ነበር፣ ሁሉም መግባት አለበት። ግማሹ ክፍል ውጭ አገር ጓደኛ ስላልነበረው ፈጠረ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ካናዳ ውስጥ በአንድ ሌሊት ጓደኛ ወለደ። እኔ አንቺ አለሽኝ። ስለዚህ ዋናውን ላንቺ ልኬ ቅጂውን ለእሳቸው አስረክባለሁ። (መምህር፣ እዚህ ድረስ ካነበቡ ሰላም ነዎት?)

ሁለተኛው ነገር ኑዛዜ ነው። አምና «ሐይቅ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ስንቴ!» ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሽ ነበር። በልጅነቴ አንድ ጊዜ ወስደውኝ ነበር አሉ፤ እኔ የማስታውሰው ፍየል ሲያባርረኝ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ወልድያ ስናልፍ በመኪና መስኮት አይቼው ነበር፣ አለቀ። አያቴ እዚያ እየኖሩ ምን ነክቶሽ ነው ትዪኝ ይሆናል። ለበዓል ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ ደሴ የሚመጡት። በመሃል ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ስንት ነገር ሆነ፤ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ቆየ።

ዘንድሮም ቢሆን ሐይቅን አላሰብኩትም ነበር። አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ልሄድ ነበር። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን እንደምሄድ ለክፍል ልጆች ሁሉ አውርቼ ነበር። ፈተናው ባለቀ ማግስት አባቴ የቲኬቱን ዋጋ ጠየቀ። ሲመለስ ምንም አላለም፤ ቁጭ ብሎ ውሃ ጠጣ። ማታ ላይ «አያትሽ ናፍቀውሻል» አለኝ። ገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከናቲ ጋር መናኸሪያ ሄድን። ረዳቱ «ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራ ነበር። ስንገባ ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ነበሩ። ያ «አንድ ሰው» እስኪገኝ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። አንዷ እናት ዶሮ ይዘው ነበር፤ ዶሮዋ ከረዳቱ የተሻለ ትዕግሥት ነበራት። ከሞላ በኋላ ግን መንገዱ ሩቅ አልነበረም፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሾፌሩ በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ ነገር ከፍቶ ስለነበር ሁሉም ሰው ዝም አለ። እኔም የአዲስ አበባውን ኩርፊያዬን ረሳሁት።

ሐይቁን ሳየው «ሰፊ ነው» አልኩ ለናቲ። አሁን ስጽፍልሽ ችግር ገጠመኝ። «ሰፊ ነበር» ልበል? እንዲያ ብል ደርቆ ያለቀ ይመስላል። ያው እዚያው ነው እኮ! መምህራችን ይህን «ነው» በቀይ ቢያሰምሩበትም አልቀይረውም። ጠዋት ላይ አረንጓዴ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሰማያዊ ሆነ። ማታ ደግሞ ቀለሙ ጠፋና ድምፁ ብቻ ቀረ።

አያቴን እማማ ነው የምንላቸው፣ ታውቂያለሽ። ገና በሩ ላይ እያለን «ከስታችኋል» አሉን። ናቲ በአንድ ዓመት ስድስት ኪሎ ጨምሮ ነበር። ቡና ተፈላ። አቦል ላይ የዘመድ ሁሉ ወሬ አለቀ። ቶናው ላይ ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ ጠየቅኳቸው።

«ድሮ ልጄ» አሉ፣ «ይህ ሁሉ ውሃ መሬት ነበር። ሰው ይኖርበት ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። የንጉሥ ልጅ ደግሞ ነበረች። የንጉሥ ልጇ ነፍሰ ጡሯን በደለቻት።»

«ምን አድርጋ በደለቻት?» አለ ናቲ።

«በደለቻት ነው የምልህ! እግዜር ተቆጣ። ዙሪያውን ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው። የንጉሥ ልጇም፣ ባልንጀሮቿም፣ ዘመዶቿም ሰመጡ። ያቺ ነፍሰ ጡር የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሳይነካ ተረፈ። ያ ነው የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት።»

ናቲ ቤተ ዘመዶቿ ምን አጠፉ ብሎ ሊከራከር ከጀለ። እማማ በረካውን ቀዱና ዝም አሰኙት። እኔ ግን ያ «በደለቻት» እስካሁን አልወጣልኝም። ተረቱን ለዘመናት ሲያወርሱ በደሉን ማን ዘለለው? ወይስ እማማ ለእኛ ለልጆች ብለው አስቀሩት?

በነጋታው ከአጎቴ ጋር ወደ ገዳሙ ሄድን። ድሮ በዙሪያው ውሃ ስለነበር የሚገባው በታንኳ ነበር አሉ። ውሃው ሸሽቶ አሁን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። እኛ በእግራችን፣ ያውም በሸበጥ፣ ሄድን። አጎቴ በመንገድ ላይ ብዙ አወራልን። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ትምህርት ቤት እንዳቋቋሙ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደተማሩ ነገረን። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው የብራና መጽሐፍ ከ700 ዓመት በላይ እንደሆነውም አከለልን። እኔ የታሪክ ደብተሬ ላይ ስማቸውን ጽፌ ለፈተና ሸምድጄ ነበር። ቦታው ከቤታችን የአንድ ሚኒባስ መንገድ እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በሩ ላይ ደረስን። ሴት አትገባም። አውቅ ነበር፤ ግን ማወቅና ውጭ መቅረት ይለያያሉ። አጎቴና ናቲ ገቡ፣ እኔ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ትንሽ ተናድጄ ነበር። በኋላ አንድ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና መረባቸውን መጠገን ጀመሩ። ጥርሳቸው ክሩን ይዞ፣ ጣታቸው በቀዳዳው እየገባና እየወጣ፣ አንድም ጊዜ ወደ ታች ሳያዩ ይቋጥሩ ነበር። ዓይናቸው ውሃው ላይ ነበር። «ምን እያዩ ነው አባ?» አልኳቸው። «ነፋሱን» አሉኝ። እኔም አየሁ፣ ምንም አልታየኝም። ትንሽ ቆይቶ ግን ውሃው እሳቸው ካዩበት አቅጣጫ መሸብሸብ ጀመረ።

ናቲ ሲወጣ ሮጬ ሄድኩ።

«ምን አየህ?»

«መጽሐፍ።»

«ምን ዓይነት?»

«ትልቅ።»

ይኸው ነው እንግዲህ! 700 ዓመት በዚህ ልጅ አፍ «ትልቅ» ሆኖ ወጣ። እኔ ገብቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ኢሜይል አሥር ገጽ ይሆን ነበር።

ሰኞ ባቲ ገበያ ልንሄድ ተነጋግረን ነበር፤ ተኝተን ረፈደብን፣ ቀረ። በዚያ ፋንታ ዓሣ በላን። ዳር ላይ ያለች ትንሽ ቤት ነበረች፤ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ድመት። ቆሮሶ አዘዝን። ሙሉውን ጠብሰው አመጡልን። ጎኑን በቢላ ሸንተር ሸንተር አድርገውት ስለነበር ጠርዙ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሽ ነበር። ውስጡ ግን ነጭና ለስላሳ ነበር። ሎሚ ጨመቅኩበት፣ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት፣ በዳቦ ያዝኩት። አላጋንንብሽም፣ ደሴ እንዲህ ያለ ዓሣ በልቼ አላውቅም።

ከዚያ እሾህ ተሰነቀረብኝ።

ሳቂ፣ ሳቂ። እኔ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ናቲ ጀርባዬን በደስታ ይደበድበኝ ነበር፤ ለዓመታት የጠበቀው ዕድል ነበር መሰለኝ። አስተናጋጇ ሙዝ አመጣች፣ አልወረደም። አጎቴ «ሐይቁ ‹አልመጣሽም ነበር› ብሎ ተቀይሞሽ ነው» አለኝ። በመጨረሻ እማማ ጋ እየሮጥን ሄድን። እንጀራውን ጠቀለሉና «ሳታኝኪ ዋጪ፣ አብሽሪ» አሉኝ። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ። በሦስተኛው ወረደ። ወዲያው «ከዓሣው የተረፈ የለም?» ብዬ ጠየቅኩ። ናቲ ጨርሶት ነበር።

የመጨረሻው ማታ እማማ ድንገት «ያቺ ጓደኛሽስ?» አሉኝ።

«የቷ?»

«ቡናዬን ያሳረረችው ናታ!»

አስታወስሽ? ሰባተኛ ክፍል እያለን፣ ለፋሲካ ደሴ መጥተው፣ «እኔ ልቁላው» ብለሽ ቡናውን ከሰል ያደረግሽው። እኔ ረስቼው ነበር። እሳቸው አልረሱም። ስቶክሆልም እንደሄድሽ፣ ሁለት ዓመት እንደሆነሽ ነገርኳቸው። «እና መቼ ነው የምትመጣ?» አሉ። አላውቅም አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ተነስተው ጓዳ ገቡ። ዕቃ ሲያንኳኩ ቆይተው አንድ በፌስታል የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። በሶ ነበር፤ ራሳቸው ያስፈጩት።

«ረመዳን ሊገባ አይደል? ለስሁር ይሆናታል። እዚያ አገር ምን ይበሉ ይሆን?» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ቡና አልልክላትም» አሉ።

ማክሰኞ ደሴ ገባን። ጦሳ በጉም ተሸፍኖ ነበር፣ ብርዱም ጠበቀን።

ስለዚህ ሐያትዬ፣ ወደ እናንተ የሚመጣ መንገደኛ ካወቅሽ ቶሎ ንገሪኝ። በሶው ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ሁለት ኪሎ ነበር። «ነበር» ያልኩት ለመምህራችን ብዬ አይደለም፤ ናቲን ትናንት ማንኪያ ይዞ ያዝኩት።

ለእናትሽና ለአባትሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

ትዕግሥት
ደሴ