ለእትዬ ውባለም፣ የመንገዳችን ነገር

ባህር ዳር፣ ጥር 5 ቀን 2018

እትዬ ውባለም እንዴት ሰነበቱ? የጋሼ ወገብስ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ያን ቀን ስልኩ እየተቆራረጠ አልተሰማማንምና በጽሁፍ ልንገርዎት ብዬ ነው፣ ማሙሽ ያንብብልዎት።

በጀልባ ኑ ብለው ነበር፣ እማዬ ግን ውሃ ላይ አልወጣም ብላ ቁርጥ አደረገች። ስለዚህ ሀይቁን በፎገራ በኩል ዞረን በመኪና ነው የምንመጣው። የባለቤቴ ወንድም ሃይሩፉን ሰጥቶናል፣ ከህጻኗ ጋር ሰባት ነን።

ቅዳሜ ጥር 9 ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግረን እንወጣለን፣ ሐሙሲት ሻይ ጠጥተን ወረታ እንገባለን፣ እስከዚያ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዛ ወደ ደብረ ታቦር ታጥፈን ክርስትና እናቴ ጋ እናድራለን። በድምሩ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ምነው አጠራችሁት ይሉ ይሆናል፣ የእማዬ ጉልበት ብዙ ከተቀመጠች ያብጣል፣ በየሰዓቱ ወርዳ እጇን ይዘናት ትንሽ ትራመዳለች፣ ሀኪሙም እንደዛ ነው ያላት።

ከባዱ እሁድ ነው። ወደ ወረታ ተመልሰን በአዲስ ዘመን፣ በማክሰኚት አድርገን ጎንደር፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አዲስ ዘመንን ካለፉ በኋላ ያለው ጠመዝማዛ ደግሞ ህጻኗን ያስታውካታል፣ ሎሚና ፌስታል ይዣለሁ። ቀኑ ከተራ ስለሆነ ታቦታቱ ከወጡ መንገዱ ይዘጋል፣ የግድ ከ6 ሰዓት በፊት መግባት አለብን፣ ለዛ ነው ከደብረ ታቦር ገና በጠዋት 12 ሰዓት የምንነሳው። ማደሪያ አዘዞ ዘመድ ጋ አግኝተናል፣ ከተማው ውስጥ በጥምቀት አልጋ የሚታሰብ አይደለም።

ሰኞ ጥምቀትን ፋሲል መዋኛ፣ ማክሰኞ ሚካኤልን አጅበን እናስገባለን፣ መኪናዋ አትንቀሳቀስም። እማዬ ይህን በአይኔ ሳላይ አልሞትም እያለች ስንት አመቷ መሰለዎት፣ ነጭ ቀሚሷ ከአሁኑ ታጥቦ ተተኩሶ በር ላይ ተሰቅሏል።

እሮብ ጥር 13 ከአዘዞ 2 ሰዓት ላይ ተነስተን በቆላ ድባ፣ በጯሂት ጎርጎራ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። 5 ሰዓት ላይ ደጅዎ እንደርሳለን፣ ቢዘገይ 6። ኔትወርክ ከጠፋና ካልደወልን እንዳይደነግጡ፣ ከጯሂት ለመደወል እሞክራለሁ። እስከ 9 ሰዓት ካልመጣን ያኔ አዘዞ ይደውሉ፣ ቁጥሩን ለማሙሽ እልክለታለሁ።

እሮብ መሆኑን ደግሞ አይርሱ፣ ዶሮ እንዳይነኩ፣ ሽሮና ጎመን ይበቃናል። ከወረታ ሩዝ፣ ከዘጌ ቡና ይዘናል፣ ሌላ የጎደለ ካለ እስከ አርብ ያሳውቁኝ። ለእማዬ ከፍ ያለ ወንበር ከጎረቤት ይዋሱልን፣ ዱካ ላይ መቀመጥ አትችልም።

ጋሼን ሳሙልኝ።
የእርስዎው ትዕግስት ከነቤተሰቧ