ኦርጋኔሎችና ሥራቸው፦ ለባዮሎጂ ኩዊዝ 11 ካርዶች

መልሱን ድምፅ አውጥታችሁ ሳትናገሩ ካርዱን አትገልብጡ። የሳታችሁትን ከሥር መልሱት።

1 ፊት፦ የኒውክለስ ሽፋን ድርብ ነው። ታዲያ ኤምአርኤንኤ በየት ይወጣል?
ጀርባ፦ በኒውክለር ቀዳዳዎች። ዲኤንኤው እዚያው ይቀራል፤ የሚወጣው ቅጂው ነው።

2 ፊት፦ ኒውክሎለስ?
ጀርባ፦ የራይቦዞም ንዑስ ክፍሎች የሚሠሩበት። የራሱ ሽፋን የለውም።

3 ፊት፦ ራይቦዞም፤ ሥራውና መጠኑ?
ጀርባ፦ ኤምአርኤንኤን እያነበበ አሚኖ አሲዶችን ይቀጣጥላል፤ ፕሮቲን ይሆናሉ። በባክቴሪያ 70ኤስ፣ በዩካሪዮት ሳይቶፕላዝም 80ኤስ (60ኤስ እና 40ኤስ)። 60 እና 40 መቶ ነው ብላችሁ እንዳትከራከሩ፤ ኤስ የሚለካው በሴንትሪፊዩጅ ውስጥ የመዝቀጥ ፍጥነትን ነው፤ ፍጥነት ደግሞ እንደ ክብደት አይደመርም።

4 ፊት፦ ለስላሳው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ከሻካራው በምን ይለያል?
ጀርባ፦ ራይቦዞም አልተለጠፈበትም። ሊፒድ ይሠራል፣ መርዝ ያከሽፋል (በጉበት ህዋስ የሚበዛው ለዚህ ነው)፣ ካልሲየም ያከማቻል።

5 ፊት፦ ኢንሱሊን ከቆሽት ህዋስ እስኪወጣ ያለፈበትን መንገድ በቅደም ተከተል ተናገሩ።
ጀርባ፦ ራይቦዞም ላይ መሠራት ይጀምራል፤ ወደ ሻካራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ውስጥ ገብቶ ይታጠፋል። በቬሲክል ተጭኖ ጎልጂ ይደርሳል፤ በሲስ በኩል ገብቶ በትራንስ በኩል ይወጣል። በሌላ ቬሲክል ይጠራቀምና ቬሲክሉ ከህዋሱ ሽፋን ጋር ሲዋሃድ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ኤክሶሳይቶሲስ ይባላል። ከሁሉም ካርዶች አንድ ብቻ የምታጠኑ ከሆነ ይህን አጥኑ፤ አራት ኦርጋኔል በአንድ ጥያቄ ነው።

6 ፊት፦ አንድ ሊሶዞም ቢፈነዳ ህዋሱ ወዲያው የማይፈጨው ለምንድን ነው?
ጀርባ፦ ኢንዛይሞቹ የሚሠሩት ፒኤች 5 አካባቢ ነው። ሳይቶሶል 7.2 ገደማ ስለሆነ እዚያ ይደክማሉ። ብዙዎቹ ባንዴ ከፈነዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

7 ፊት፦ ፐሮክሲሶም?
ጀርባ፦ ፋቲ አሲድ ይሰባብራል። በሂደቱ የሚፈጠረውን H₂O₂ ካታሌዝ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለውጠዋል።

8 ፊት፦ ግሉኮስ ወደ ኤቲፒ ሲለወጥ የቱ ደረጃ የት ይካሄዳል?
ጀርባ፦ ግላይኮሊሲስ በሳይቶሶል (ሚቶኮንድሪያ ውስጥ አይደለም! ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው)፤ የክሬብስ ዑደት በማትሪክስ፤ የኤሌክትሮን ቅብብሎሽ በውስጠኛው ሽፋን ላይ። ሽፋኑ ክሪስቴ ሆኖ የታጣጠፈው ቦታ እንዲሰፋለት ነው።

9 ፊት፦ እውነት ወይስ ሐሰት፦ የዕፅዋት ህዋስ ክሎሮፕላስት ስላለው ሚቶኮንድሪያ አያስፈልገውም።
ጀርባ፦ ሐሰት። ክሎሮፕላስት ስኳር ይሠራል፦ ብርሃኑን በታይላኮይድ ይይዛል፣ ስኳሩን በስትሮማ ይገነባል። ያንን ስኳር አቃጥሎ ኤቲፒ የሚያወጣው ሚቶኮንድሪያ ነው። ሥርማ ብርሃን እንኳ አያይም።

10 ፊት፦ ውሃ ያጣ ቅጠል ለምን ይጠወልጋል?
ጀርባ፦ ማዕከላዊው ቫኩዩል ውሃ ሲያጣ የህዋሱን ግድግዳ የሚገፋው ግፊት ይወርዳል።

11 ፊት፦ የበሰለ የሰው ቀይ የደም ህዋስ ኒውክለስም ሚቶኮንድሪያም የለውም። ኤቲፒ ከየት ያገኛል?
ጀርባ፦ ከግላይኮሊሲስ ብቻ። የሚሸከመውን ኦክስጅን ራሱ አይበላውም። ካልመጣላችሁ ወደ ካርድ 8 ተመለሱ።