የመናኸሪያው ደጅ

ከቡሬ የተነሣው አውቶቡስ ደምበጫን እንዳለፈ ጎማው ፈነዳ፤ ተቀያሪውም ጎማ ነፋስ የሌለው ሆኖ በመገኘቱ ተሳፋሪው ሁሉ በሰኔ ዝናብ መንገድ ዳር ሲንገላታ አምሽቶ፣ ደብረ ማርቆስ የገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። የመናኸሪያው የብረት በር ከተቆለፈ ቆይቷል። ረዳቱ ጓዙን ከጣሪያ ላይ አውርዶ ለየባለቤቱ ካስረከበ በኋላ፣ ሰዉ በየዘመዱ ቤትና በየሚያውቀው ሰፈር ተበተነ፤ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀሩ።

ከትኬት መሸጫው መስኮት በላይ የወጣች አንዲት ቆርቆሮ ነበረች። ከሥሯ አንዲት ወጣት በትልቅ ሻንጣ ላይ ተቀምጣለች።

«እንዴት አመሸሽ ልጄ? አልጋ አጣሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አመሹ አባቴ። ሁሉም ሞልቷል አሉኝ። ነገ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይመረቃሉ፤ የተመራቂው ወላጅ ከየአገሩ መጥቶ አልጋውን ይዞታል።» ወጣቷ ከሻንጣዋ ተነሥታ ቦታ ልትለቅላቸው ብትሞክር ሽማግሌው በእጃቸው ከለከሏትና ከግድግዳው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ዘበኛው ከውስጥ ሆኖ ባትሪውን አበራባቸው። ማስገባት እንዳልተፈቀደለትና በሩም የሚከፈተው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንደሆነ ነገራቸው፤ ሆኖም እንዲሁ ጥሏቸው መሄዱ ሳይከብደው አልቀረም፣ ተመልሶ መጥቶ የታጠፈ ሸራ በፍርግርጉ በኩል አቀበላቸው።

ሽማግሌው ከጋቢያቸው ውስጥ የላስቲክ ከረጢት አውጥተው ግብጦ ዘገኑላት። ባለቤታቸው ቆልታና ቀቅላ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ ለቀናት በወንዝ ውሃ ዘፍዝፋ ያሰናዳችው ነበር። ወጣቷ የመጀመሪያውን ፍሬ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ጫን ስታደርገው ልጣጩ አፈትልኮ ወጣና ቢጫው ፍሬ መዳፏ ላይ ቀረ። አንድ በአንድ እየላጠች መብላት ጀመረች። ግብጦን በችኮላ የበላ ሰው እስካሁን አልታየም፤ የሚያስቸኩላቸውም ነገር አልነበረም።

«ስድስት ዓመት አልቀመስኩትም» አለች።

«ከወዴት ነሽ?»

«ከቤይሩት። አገሬ ግን እዚሁ ሲናን፣ ከረቡዕ ገበያ ወዲያ ነው።»

«ታዲያ ቅርብ ነዋ! በቀን አልደረስሽም ኖሯል?»

ወጣቷ ወዲያው አልመለሰችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለ ነበር ሽማግሌው ጥያቄያቸውን ያልሰማች መስሏቸው ስለ ራሳቸው ማውራት ያዙ። የሚሄዱት በደጀን በኩል አድርገው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ነው። በልጅነታቸው ቅኔ ያስተማሯቸው የኔታ አርፈው የፊታችን እሑድ ተዝካራቸው ይወጣል። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ከውሻ ጋር እየተጋፉ ቁራሽ የለመኑበትን ዘመን፣ ከሁሉም ደግሞ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ሲቆጥሩ ሌሊቱ የሚያጥርባቸውን ነገር እያነሡ ብዙ ተናገሩ። መወድስ ደርሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልፈው ወደ ዘንድሮው የማዳበሪያ ዋጋ ሊሻገሩ ሲሉ ወጣቷ መለሰቻቸው።

«ለምን ተዉት አባቴ?»

«እናቴ ሞተችና።»

ወጣቷ የላጠችውን ግብጦ ሳትጎርሰው በእጇ ያዘችው።

«ተማሪ ከቤቱ ጠፍቶ ነው የሚወጣው» አሉ ሽማግሌው። «ወላጆቼ ፈልገው እንዳይመልሱኝ ስሜን ለውጬ፣ አገሬንም ሌላ ብዬ ነበርና መርዶ ነጋሪ እንኳ ሊያገኘኝ አልቻለም። ከእኛ አገር የመጣ አንድ ተማሪ በጨዋታ መሐል ሲያነሣው ሰማሁ። የኔታ ነገሩ ሲነገራቸው፣ ‹ሂድ፣ ወግ ባለው አልቅሰህ ተመለስ› አሉኝ። ከሞተች ስምንት ወር አልፏት ነበር።»

«የእኔም በኅዳር ነው ያረፈችው» አለች ወጣቷ። «ወንድሜ በሚያዝያ ነገረኝ። በዚያ መካከል ለመድኃኒቷ እያልኩ ሦስት ጊዜ ብር ልኬያለሁ፤ ተቀብለው ዝም አሉ። በሰው አገር ብቻዋን ትጎዳብናለች ብለው እንደ ሆነ ይገባኛል፤ ግን ይቅር ማለት አቃተኝ።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «የረቡዕ ገበያው መኪና 8 ሰዓት ላይ ቆሞ ይጠራ ነበር። እያየሁት ሄደ» አለች።

ሽማግሌው የት እንደ ነበረች ወይም ለምን እንደ ፈራች አልጠየቋትም። ዱላቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንደምትመጪ ነግረሻል?»

«አልነገርኩም። ድንገት ልግባ ብዬ ነው። ለቅሶው እንደ አዲስ ሲነሣ፣ ሰዉ ሁሉ ደረቱን እየመታ ሲቀበለኝ የምችለው አልመሰለኝም።»

«እኔም ድንገት ነው የገባሁት» አሉ። «በቀን ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ እያለ። አባቴ ደጅ ተቀምጦ የቀንበር ማነቆ ይጠርባል። አየኝ፤ እኔም አየሁት። እሱ ልጁ ፊት ማልቀስ አፈረ፤ እኔም ያለ አልቃሽ፣ ያለ ጎረቤት፣ አፌን ከፍቼ ‹እናቴ› ማለት አቃተኝ። ‹ደኅና ነህ?› አለኝ፤ ‹ደኅና ነኝ› አልኩት። ውሃ ሰጠኝ። ማታ ጎረቤት ሰምቶ ሲመጣ እኔ እንጨት ስፈልጥ አገኙኝ፤ ‹ይኸ ልጅ ልቡ ድንጋይ ነው› ተባለ። ከአባቴ ጋር እሷን ሳናነሣ እሱም ሞተ። ወደ የኔታም ያልተመለስኩት ስለዚህ ነው፤ ‹አለቀስህ?› ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?»

ዘበኛው ከውስጥ ሳል ሳል አለ፤ ሲሰማ የቆየ ይመስላል።

«ሰው ካለሽ ደውዪለት» አሉ ሽማግሌው። «ይሰብሰቡልሽ። ደረት መምቻው፣ ሙሾው፣ ግርግሩ ለሟች ብቻ እንዳይመስልሽ፤ አንቺን ከመካከል አስገብተው የሚይዙሽ በዚያ ነው። ወንድምሽንም ከዚያ በኋላ ትቆጪዋለሽ።»

ከዚህ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ተጫወቱ። በቤይሩት ያሳደገቻት ሕፃን አማርኛ መልመዷን፣ ሽማግሌው ማኛ ጤፍ ዘርተው በረዶ እንደ መታባቸው፣ የሲናን ድንች ዘንድሮ ስንት እንደሚያወጣ። ሌሊቱ ሲበርድ ሸራውን አንድ ላይ ደረቡት፤ ወጣቷ ጭንቅላቷን በሻንጣዋ እጀታ ላይ አስደግፋ አንድ ሰዓት ያህል እንቅልፍ ወሰዳት።

11 ሰዓት ሊሆን ሲል ለአክስቷ ደወለች። አክስቷ በመጀመሪያ ጮኹ፤ ቀጥሎ ተቆጡ፤ በመጨረሻም ጉዳዩን እንደ ሥራ ያዙት። ጥቁር ልብስ ይዛ እንደ ሆነ ጠየቁ። አልያዘችም። እንግዲያው ጥቁር ነጠላ ይዘው መኪናው ማቆሚያ ድረስ እንደሚመጡ፣ አጎቶቿና ዕድርተኛው ግን እስኪሰበሰቡ ጊዜ ስለሚፈልጉ ከ4 ሰዓት በፊት እንዳትደርስ አዘዟት። የረቡዕ ገበያው መኪና ሰው እስኪሞላ ድረስ ስለማይነሣ ይህ አላሳሰባትም።

በሩ ሲከፈት ረዳቶቹ «ደጀን! ደጀን! የሞላ!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። የሞላ የተባለው መኪና ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ተቀምጧል። ሽማግሌው ግን ወንበር እንዳያልፋቸው ተጣደፉ፤ የቀረውን ግብጦ እጇ ላይ አኑረው ሄዱ፣ ከመኪናው ደረጃም ላይ ተመልሰው ወረዱ።

«የእናትሽ የክርስትና ስም ማን ነው? በተዝካሩ ዕለት በዲማ ከየኔታ ጋር አስጠራታለሁ።»

«ወለተ ሚካኤል።»

«ወለተ ሚካኤል» ብለው ደገሙ። «የእኔይቱ ወለተ ጊዮርጊስ ናት። ሁለቱንም አስጠራለሁ።»

«ፋዘር፣ ይግቡ እንጂ! ሰው አስቆሙ እኮ» አለ ረዳቱ።