ከአቶ ይልማ ደስታ ወልዴ ኑዛዜ፤ አንቀጽ 4፦ ስለ መኖሪያ ቤቱና ስለ ልጆቼ ድርሻ

እኔ ይልማ ደስታ ወልዴ፣ ዕድሜዬ 74 ዓመት፣ ነዋሪነቴ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ፣ ይህን አንቀጽ የምናዘዘው በሙሉ አእምሮዬ ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላግባባኝም። ጸሐፊው ቃሌን እንደተናገርኩት እንዲያሰፍረው ነግሬዋለሁ። በአራቱ ምስክሮች ፊት ሲነበብም፣ በኋላም ልጆቼ ሲሰሙት፣ የአባታቸው ንግግር መሆኑን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ከሟች ባለቤቴ ከወ/ሮ አልማዝ ተክሌ የወለድኳቸው ልጆች አራት ናቸው። ሰለሞን፣ ትዕግሥት፣ ምሕረት እና ዳዊት። ሌላ ልጅ የለኝም። በዚህ ኑዛዜ ማንንም ከውርስ አልነቀልኩም። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፦ አንዳቸውንም አልነቀልኩም።

የምኖርበት ቤት በ105 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ ያረፈ ነው። ካርታው በእኔና በባለቤቴ ስም ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የማወርሰው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ቤቱን በትዳራችን ዘመን አብረን ነው የሠራነው። ስለዚህ ግማሹ የአልማዝ ነበር። እሷ በ2008 ዓ.ም. ስታርፍ ያ ግማሽ ለአራቱ ልጆቿ እኩል ተላለፈ። ለእያንዳንዳቸው የቤቱ አንድ ስምንተኛ ደረሳቸው ማለት ነው። የወራሽነት ማረጋገጫውም በ2009 ዓ.ም. ከፍርድ ቤት ወጥቷል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ መናዘዝ የምችለው በራሴ ግማሽ ላይ ብቻ ነው። የእናታችሁን እኔ ሰጪም ነሺም አይደለሁም።

ሰለሞንና ትዕግሥት ከእናታቸው የደረሳቸውን አንድ አንድ ስምንተኛ በ2011 ዓ.ም. ለእህታቸው ለምሕረት በስጦታ ሰጥተዋል። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቧል። ያን ቀን አልረሳውም። ትዕግሥት ከዱባይ ለሁለት ሳምንት መጥታ፣ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ነው ፈርማ የተመለሰችው። ዳዊት አልፈረመም። በወቅቱ ሁለተኛ ልጁ ተወልዶ፣ በኪራይ ቤት ተጨናንቆ ነበር። ባለመፈረሙ የወቀሰው ካለ ስህተቱ የወቃሹ ነው። መብቱ ነው፤ ችግሩንም አውቃለሁ።

እንግዲህ ዛሬ የቤቱ ግማሽ የእኔ፣ ሦስት ስምንተኛው የምሕረት፣ አንድ ስምንተኛው የዳዊት ነው።

የእኔን ግማሽ በሙሉ ለልጄ ለምሕረት ይልማ አውርሻለሁ። ያለ ምንም ገደብ የእሷ ይሁን። ስሙ በእሷ ይዛወር፣ ካርታውም በእሷ ስም ይውጣ። ምሕረት በ3 ዓመቷ የልጅነት ልምሻ ይዟት ሁለቱም እግሮቿ አልታዘዙላትም። አእምሮዋ ግን ሙሉ ነው። ሒሳቧን ራሷ ትይዛለች፣ ደንበኞቿን ራሷ ታናግራለች፣ በኤሌክትሪክ የልብስ ስፌት ማሽኗ ሠርታ ትበላለች። ስለዚህ ሞግዚት አልሾምኩባትም። ማንም ወንድም፣ እህት ወይም ዘመድ «እኔ ላስተዳድርላት» ብሎ ፊርማዋን እንዳይወስድ። ብታከራየው፣ ብትሸጠው፣ ብትለውጠው፣ ከእሷ በኋላም ለማን እንደምታወርሰው ብትናዘዝ የራሷ ውሳኔ ነው።

ቤቱ ለምን ለእሷ እንደሆነ ልናገር። ይህ ቤት ለእሷ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. መግቢያው ላይ ያለውን ደረጃ አፍርሼ በዊልቸር የሚወጣ መንገድ በገዛ እጄ ሠርቻለሁ። የመታጠቢያ ቤቱን በር አስፍቼ ከግድግዳው ላይ የብረት መያዣ በይጄያለሁ። የስፌት ጠረጴዛዋ በልኳ ነው። ደንበኞቿ የሚያውቋት በዚህ በር ነው። ሌላው ቤቴ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። እሱን ብሰጣት ቤት ሰጠኋት ማለት አይቻልም፤ እስር ቤት አስገባኋት እንጂ። ገንዘብ ብሰጣት ደግሞ ኪራይ ፍለጋ ትወጣለች፤ ዊልቸር የሚያስገባ ግቢ ያለው አከራይ ማግኘት በዚህ ከተማ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ፈልጌ አይቼዋለሁ።

የሌሎቹን ድርሻ እንደሚከተለው ወስኛለሁ። ግምቱ በጥር 2017 ዓ.ም. በግምት ባለሙያ የተሠራ ነው፤ ሰነዱ ከዚህ ኑዛዜ ጋር ተያይዟል። ቤቱ በሙሉ 8 ሚሊዮን ብር ተገምቷል። የእኔ ግማሽ 4 ሚሊዮን ነው። ሱቄን 4 ሚሊዮን ብር የተገመተውን ለሰለሞን አውርሻለሁ። በባንክ ያለኝን 4 ሚሊዮን ብር ለትዕግሥት አውርሻለሁ፤ አገሯ ስትገባ ሥራ ትጀምርበት። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየሙን፣ ግምቱ 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር የሆነውን፣ ለዳዊት አውርሻለሁ። እሱና ልጆቹ ከኪራይ ይውጡ። 200 ሺህ ብር የበለጠው ፊኒሺንጉ ገና ስላላለቀ ነው፤ ያንኑ ያህል ያስወጣዋል።

ሱቁንና ኮንዶሚኒየሙን የገዛሁት፣ የባንኩንም ገንዘብ ያስቀመጥኩት አልማዝ ካረፈች በኋላ ጋራዡን ሸጬ ነው። ጋራዡ የጋራችን ስለነበር የእናታቸው ድርሻ ለአራቱም ልጆች በገንዘብ ተከፍሏቸዋል። የፈረሙበት ደረሰኝ በብረት ሳጥኑ ውስጥ አለ።

ለዳዊት የሰጠሁት አንድ ሁኔታ አለበት። ኮንዶሚኒየሙን ሲቀበል ከእናቱ የደረሰውን የዚህን ቤት አንድ ስምንተኛ ለምሕረት ያስተላልፍ። የድርሻው ግምት 1 ሚሊዮን ብር ነው። እኔ ካረፍኩ በአንድ ዓመት ውስጥ ይፈጽም። ላስተላልፍ አልፈልግም ቢል አልፈርድበትም፤ ኮንዶሚኒየሙም አይወሰድበትም። ነገር ግን 1 ሚሊዮን ብር ለምሕረት ይክፈል፤ ገንዘቡን ካጣ በሦስት ዓመት ከፋፍሎ ይክፈል። እስከዚያም ሆነ ከዚያ በኋላ ምሕረት በምትኖርበት ዘመን «ቤቱ ተሽጦ ድርሻዬ ይሰጠኝ» ብሎ እንዳይጠይቅ፣ ኮንዶሚኒየሙን መቀበሉ በዚህ እንደተስማማ ይቆጠር።

ልጆቼ ሒሳቡን እዩት። ሰለሞንና ትዕግሥት የእናታቸውን አንድ ሚሊዮን የሚያህል ድርሻ ለእህታቸው ትተው ከእኔ አራት አራት ሚሊዮን ያገኛሉ። ዳዊትም ያንኑ ትቶ ያንኑ ያገኛል። በሦስቱ መካከል ልዩነት የለም። ዳዊት የሚተወው ቢቀነስ እንኳ ከእኔ የሚደርሰው 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው። ንብረቴ በሙሉ ለአራት እኩል ቢከፈል ለአንዱ የሚደርሰው 4 ሚሊዮን 50 ሺህ ብር ነው። ስለዚህ ማንም ልጅ ከድርሻዬ ከሩብ በላይ ተጎዳሁ የሚልበት መንገድ አልተውኩም። ይህን ከጠበቃ ጋር ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ። ትርፍ አገኘ የሚባል ካለ ምሕረት ናት። እሷም ያገኘችው ከወንድሞቿና ከእህቷ እጅ ነው።

ጊዜ ዋጋ ይለውጣል። እኔ በማርፍበት ቀን የአንዱ ድርሻ ከሚገባው ከሩብ በላይ ቀንሶ ከተገኘ፣ ውርስ አጣሪው አዲስ ግምት ያስወጣ። ጉድለቱ መጀመሪያ ዋጋው ከጨመረው ንብረት ይሞላ። ያ ካልበቃ ብቻ ከዚህ ቤት የሰርቪስ ክፍል ኪራይ፣ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጊዜ ይከፈል። ቤቱ ግን ለማካካሻ አይሸጥም። የባንኩ ገንዘብ በሕመሜ ጊዜ ለሕክምና ወጥቶ ቢጎድል፣ ጉድለቱን ሰለሞን፣ ትዕግሥትና ዳዊት ሲሶ ሲሶ ይሸከሙት። ምሕረት ጥሬ ገንዘብ ስላልደረሳት በዚህ አትገባም።

ምሕረት ከእኔ ቀድማ ብታርፍ፣ አያድርገውና፣ የእኔ ግማሽ ለሦስቱ እኩል ይሁን። ከሦስቱ አንዱ ቢቀድመኝ የእሱን ድርሻ ልጆቹ ይውሰዱ።

ግቢው ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። በአንዱ ምሕረትን የምትረዳት ወ/ሮ ዘነበች ትኖራለች። ምሕረትን እስከረዳች ድረስ ኪራይ አትጠየቅም። ሌላው ክፍል ዛሬ በወር 7,000 ብር ይከራያል፤ ገንዘቡ ለዘነበች ደመወዝ ይውላል። ከዚህ ቀደምም እንደዚሁ ነበር፤ ከአሁን በኋላ ግን ምሕረት እንደፈለገች ታድርገው።

ሰለሞን፣ ትዕግሥት፣ ዳዊት፦ እህታችሁን ጠይቋት፣ ስትታመም ሐኪም ቤት አድርሷት። ይህን የምለው አደራ ብዬ ነው። የውርሳችሁ ቅድመ ሁኔታ አላደረግኩትም። ፍቅራችሁ በወረቀት እንዲታዘዝ አልፈልግም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ወረቀት አይቼዋለሁ።

ውርስ አጣሪ እንዲሆን የባለቤቴን ወንድም አቶ ግርማ ተክሌን መርጫለሁ። ከዚህ ኑዛዜ ምንም አይደርሰውም፤ ሁሉም ልጆቼም ያከብሩታል። እስከ አርባዬ ድረስ በዚህ ቤት የንብረት ወሬ እንዳይነሳ። ስሙ እስኪዛወር ምሕረት ከክፍሏ እንዳትነቃነቅ። ደላላ ይዞ ወደ ግቢው የሚመጣ ልጅ ካለ ግርማ ይመልሰው።

የእናታቸው የወርቅ ሐብል የትዕግሥት ነው፤ አልማዝ በሕይወት እያለች ተናግራለች። የጋራዥ መሣሪያዎቼን ዳዊት ይውሰድ። የቡና ዕቃው፣ አልጋዎቹና በቤቱ ያለው ቀሪ ዕቃ የምሕረት ነው።

የግቢው በር ቁልፍ ሦስት ነው። አንዱ ምሕረት ጋ፣ አንዱ ዘነበች ጋ፣ አንዱ ሰለሞን ጋ ነው። የሰለሞን ቁልፍ በእጁ ይቆይ። ሌሊት ድንገት ቢያስፈልግ ያስፈልጋል። በሌላ ጊዜ ሲመጣ ግን እንደማንኛውም እንግዳ በሩን ያንኳኳ።