የኖርማላይዜሽን ምዕራፍ ባጭሩ፦ በአንድ የደሴ እህል አከፋፋይ ሠንጠረዥ

ኖርማላይዜሽን አንድ መረጃ በከንቱ እንዳይደጋገም ሠንጠረዥን ደረጃ በደረጃ መከፋፈል ነው። መነሻው፦

| ትዕዛዝ | ደንበኛ | ከተማ | ዞን | እህል በኩንታል |
|---|---|---|---|---|
| 11 | ደ1 | ኮምቦልቻ | ደቡብ ወሎ | ጤፍ 4፣ ማሽላ 2 |
| 12 | ደ2 | ወልድያ | ሰሜን ወሎ | ጤፍ 3 |

ደረጃ 1፦ በአንድ ሕዋስ አንድ ዋጋ። «ጤፍ 4፣ ማሽላ 2» አይደመርም። «እህል1፣ እህል2» ብሎ ዓምድ መጨመርም ያው ስህተት ነው፤ ሦስተኛው እህል ሲመጣ ቦታ የለም። ረድፍ ጨምር፦

| ትዕዛዝ | እህል | ኩንታል | ደንበኛ | ከተማ | ዞን |
|---|---|---|---|---|---|
| 11 | ጤፍ | 4 | ደ1 | ኮምቦልቻ | ደቡብ ወሎ |
| 11 | ማሽላ | 2 | ደ1 | ኮምቦልቻ | ደቡብ ወሎ |
| 12 | ጤፍ | 3 | ደ2 | ወልድያ | ሰሜን ወሎ |

አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለየው ቁልፍ አሁን ትዕዛዝ እና እህል አንድ ላይ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ከቁልፉ ከፊል ላይ ብቻ የተንጠለጠለውን ለይ። ኩንታልን ለማወቅ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ደንበኛን ለማወቅ ግን ትዕዛዝ ይበቃል። ስለዚህ ለሁለት ሠንጠረዥ ክፈለው፦

```
ዝርዝር(ትዕዛዝ, እህል, ኩንታል)
ትዕዛዝ(ትዕዛዝ, ደንበኛ, ከተማ, ዞን)
```

ቁልፉ አንድ ዓምድ ከሆነ ይህን ደረጃ እለፈው።

ደረጃ 3፦ ቁልፍ ያልሆነ ዓምድ ሌላውን አይወስን። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ሰንሰለቱ ትዕዛዝ → ደንበኛ → ከተማ → ዞን ነው። ትዕዛዝ 12 ቢሰረዝ ወልድያ በየትኛው ዞን እንዳለች አብሮ ይጠፋል፤ ደ1 ከተማ ቢቀይር ደግሞ ትዕዛዞቹን ሁሉ ማረም ግድ ነው፤ አንዱ ከተረሳ መረጃው ይጋጫል።

```
ትዕዛዝ(ትዕዛዝ, ደንበኛ)
ደንበኛ(ደንበኛ, ከተማ)
ከተማ(ከተማ, ዞን)
```

አንድ ወጥመድ፦ ዋጋ ሲጨመር «በእህሉ ይወሰናል» ብለህ እህል ሠንጠረዥ ውስጥ ብቻ አታስቀምጥ። የጤፍ ዋጋ ሲቀየር የድሮ ሽያጭ ሒሳብ ሁሉ ይለወጣል። የተሸጠበት ዋጋ «ዝርዝር» ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ፤ ይህ ድግግሞሽ አይደለም።