የክፍል መጠንና የተማሪ ውጤት፦ የቴነሲው 0.2 ጎንደር ላይ ይሠራል?

ጎንደር ከተማ ውስጥ 720 ተማሪና 18 መምህራን ያሉትን አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በምሳሌ እንውሰድ። የተማሪ-መምህር ጥምርታው 40 ነው፤ ሪፖርት ላይ ያምራል። ሴክሽኖቹ 10 ብቻ ከሆኑ ግን በእያንዳንዱ ክፍል 72 ልጅ ተጣቦ ይቀመጣል፤ ለደረጃው ከተቀመጠው 50 በ22 ይበልጣል። ስለ ክፍል መጠን ሲወራ ሁለቱ ቁጥሮች ከተምታቱ የቀረው ክርክር ሁሉ ከንቱ ነው።

በብዛት የሚጠቀሰው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ቴነሲ የተጀመረው የስታር ሙከራ ነው። ልጆችና መምህራን በዕጣ ከ13–17 እና ከ22–25 ተማሪ ባላቸው ክፍሎች ተመደቡ፤ የትንሾቹ ክፍሎች ብልጫ 0.2 መደበኛ ልይይት፣ ማለትም የተማሪዎች ውጤት ከአማካዩ በተለምዶ ከሚርቅበት ልክ አንድ አምስተኛ ገደማ ሆነ። የፈተናው መደበኛ ልይይት 15 ነጥብ ቢሆን፣ ይህ ከመቶ 3 ነጥብ ነው። ኢኮኖሚስቱ ኤሪክ ሀኑሼክ ሙከራውን የነቀፈው አለምክንያት አልነበረም፦ የመነሻ ፈተና አልተሰጠም፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ከጀመሩት ግማሽ ያህሉም አራቱን ዓመት በሙከራው አልቆዩም። ሌላው ኢኮኖሚስት አለን ክሩገር መረጃውን መልሶ ሲመረምር ግን የልጆቹ መልቀቅ ውጤቱን የሚያፈርስ ሆኖ አላገኘውም። እኔ በዚህ ወደ ክሩገር አደላለሁ። ሆኖም ሙከራው ስለ 72 ምንም አልተናገረም። ከ23 ወደ 15 መውረድ የሰጠውን ቀጥታ መስመር አድርጎ እስከ 72 መሳብ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ለእኛ የሚቀርበው የምዕራብ ኬንያው ነው። ኢኮኖሚስቶቹ ዱፍሎ፣ ዱፓስና ክሬመር ባጠኑት ሙከራ አንድ ተጨማሪ የኮንትራት መምህር ሲቀጠር አንደኛ ክፍል በአማካይ ከ82 ወደ 44 ወረደ። በመደበኛው መምህር እጅ የቀሩት ልጆች ግን ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላሳዩም፤ መምህሩ ራሱ ከክፍል መቅረት አብዝቶ ነበር። ያተረፉት የኮንትራት መምህሩ የያዛቸው ናቸው። እንግዲህ «ክፍል መቀነስ ጠቀመ» የሚለውም «አልጠቀመም» የሚለውም ከዚሁ ጥናት ቁጥር ይመዝልናል።

የአካባቢ መረጃ ሌላ ወጥመድ አለው። የጎንደር ከተማና የደምቢያ ገጠር ትምህርት ቤቶችን በአንድ ሰንጠረዥ ብናሰልፍ፣ የተጨናነቀው ክፍል የተሻለ ውጤት ያለው ሊመስል ይችላል። ወላጅ ጥሩ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ልጁን ስለሚልክ ነው የሚሞላው፤ መጨናነቁ ልጁን ጎበዝ አላደረገውም።

ወደ 72ቱ እንመለስ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ 33 ሰከንድ ይደርሰዋል፤ ሴክሽኑ ለሁለት ቢከፈል 67። ሁለቱንም የሚያስተምረው ያው መምህር ከሆነ ግን ክፍለ ጊዜው እጥፍ ይሆንበታል፤ ለአንድ ደብተር 2 ደቂቃ ቢሰጥ እርማቱም ያው 144 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሴክሽን ከመከፈሉ በፊት የመምህሩ ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜና የሚያርመው የደብተር ብዛት ከውጤቱ ጎን ይመዝገብ፤ ልጆቹም በስም ፊደል ተራ ሳይሆን በዕጣ ይመደቡ። መነሻ ፈተናው መስከረም ላይ፣ ከምደባው በፊት ይሰጥ።