የልምምድ ማስታወሻ፦ ለብቻዬ የሠራሁት የመጀመሪያ የዋርድ የአመጋገብ ምዘና

ዋርድ፦ የውስጥ ደዌ። ታካሚ፦ የ71 ዓመት ወንድ፣ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ አሁን በሳንባ ምች የተኙ። ሱፐርቫይዘሬ እዚያው ፎቅ ላይ ነበረች፤ አልጋው ጋ ግን አልመጣችም።

የመጣልኝ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «አልቡሚን 26፣ ምግቡ ይስተካከል»። አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ቁጥር ቶሎ ወደ ጎን አደረግኩት። ሰውነት ኢንፌክሽን ሲታገል ጉበት የአልቡሚን ምርቱን ይቀንሳል፣ ከደም ሥርም ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ የነገረኝ ሰውየው በጠና መታመማቸውን እንጂ ምን እንደበሉ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስተው ቢኤምአያቸው፣ ማለትም ክብደታቸው ከቁመታቸው አንጻር ሲሰላ የሚገኘው ቁጥር ነው። 55 ኪሎ፣ ቁመት 168 ሴንቲ ሜትር፣ ቢኤምአይ 19.5። ከ18.5 በላይ ስለሆነ ቻርቱ ላይ «ኖርማል» ተብሎ ታልፏል። የድሮ ካርዳቸውን ገልጬ ሳይ ግን ከ6 ወር በፊት 66 ኪሎ ነበሩ። 11 ኪሎ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ወደ 17 በመቶ። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ እብጠትም ስላለ እውነተኛው ክብደት ከ55 ሊያንስ ይችላል። ጆሮ ግንዳቸው ሰርጉዷል፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለው ጡንቻም መንምኗል። መስት በተባለው የማጣሪያ ቅጽ ለቢኤምአይ 1፣ ለክብደት መቀነሱ 2፣ በድምሩ 3 ሰጠሁ። 2 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ነው።

ንግግሩ ላይ ረዘም ላድርገው፤ የዛሬው ቁም ነገር እዚያ ስለነበር።

«አባባ፣ ምግብ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ደህና ነው፣ እበላለሁ» አሉኝ። የምግብ መከታተያው ቅጽም «በልቷል» ይላል። (ምኑን? ምን ያህሉን? ይህ ቃል ከቅጾች ላይ ቢታገድ ደስ ይለኛል።) ጥያቄውን ቀየርኩት፦ «ትናንት ምሳው ሲነሳ ሳህኑ ላይ ምን ቀርቶ ነበር?» ዝም አሉ። ሱፐርቫይዘሬ ከኋላዬ ስትቆም እንዲህ ያለውን ዝምታ አልችለውም፤ ቶሎ ሌላ ጥያቄ እወረውራለሁ። ዛሬ የሚያየኝ ስላልነበረ ጠበቅኩ። «ሥጋውም ዳቦውም ቀርቷል» አሉ። «ማኘክ ትንፋሼን ይወስደዋል። ጥርሱም ይንሸራተታል። አረፍ ብዬ ስመለስ ይቀዘቅዛል፣ እተወዋለሁ።» አጠገባቸው የነበረችው ልጃቸው ሰው ሠራሽ ጥርሱ መላላት ከጀመረ ወራት እንደሆነው ጨመረችልኝ። ፊት ሲከሳ ድድም ይሟሽሻልና ነገሩ ይገጥማል።

ስለዚህ በግምገማዬ ላይ የጻፍኩት ምክንያት የምግብ ፍላጎት ማጣት አይደለም። ሰውየው ይርባቸዋል። በማኘክ ችግርና በትንፋሽ ማጠር ምክንያት በቂ አለመብላት ብዬ ነው የጻፍኩት። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ዕቅዱን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል፦ ለስላሳ ምግብ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። ለጥርስ ክፍል ሪፈር ጽፌያለሁ፣ አዋዋጣቸው እንዲመረመርም ጠይቄያለሁ።

ከዚያ የሚያስፈራው ክፍል መጣ። ፖታሲየም 3.3፣ ፎስፌት 0.7፣ ሁለቱም ዝቅተኛ። በ6 ወር ውስጥ ከ15 በመቶ በላይ ክብደት መቀነስ ብቻውን ለሪፊዲንግ ሲንድሮም፣ ማለትም የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ሲመገብ ለሚመጣው አደጋ፣ ከፍተኛ ስጋት ተብሎ ለመመደብ ይበቃል። ተረኛው ሐኪም «ሰውየው ተርቦ ለምን ቶሎ አናበላውም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የማንም ሰው አንጀት የሚለው ይህንኑ ነው። ለረጅም ጊዜ ጥቂት ሲበላ የቆየ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ካሎሪ ሲያገኝ ኢንሱሊን ይጨምራል። ኢንሱሊኑ ፎስፌትን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዚየምን ከደም ወደ ሴል ይነዳቸዋል፤ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ይህን ስነግረው ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ታያሚኑን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1ን፣ ግን ወዲያው አዘዘ።

በኪሎ 10 ኪሎ ካሎሪ፣ ማለትም በቀን 550 አካባቢ እንዲጀመር፣ ከ4 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ 1,650 እንዲደርስ ሐሳብ አቀረብኩ። ፕሮቲን በመጨረሻ ከ66 እስከ 83 ግራም። አሁን ከሚበሉት ወደ 400 ስለሚያገኙ ለዛሬ የታዘዘው ግማሽ ጠርሙስ የምግብ ማሟያ ብቻ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ቻርቱን አንብባ «በአፋቸው እየበሉ ስለሆነ እኔ ከ15 እጀምር ነበር» አለች። ፎስፌቱን አሳየኋት፤ በ10 ተስማማን። አሁንም የእሷ ሐሳብ ስህተት ነው ብዬ አላስብም። ፎስፌቱ ኖርማል ቢሆን እኔም 15 እል ነበር።

ነገ፦ ጠዋት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም። ክብደት በዚያው ሚዛን፣ ከቁርስ በፊት። የምግብ ቅጹ ላይ «በልቷል» በሚለው ፈንታ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሙሉ ተብሎ እንዲሞላ ከጠዋት ተረኛዋ ነርስ ጋር እነጋገራለሁ። ማሟያው የሚጨምረው ውጤቱ ከታየ በኋላ ነው።